አቧራ ነው ብዬ ያለፍኩት ሽታ

ሰሞኑን ቤቴ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በተለይ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች አንብቡት፤ መምህራችሁ ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት የጻፈውን ነገር የገዛ ቤቱ ውስጥ ሲረሳው ታያላችሁ።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ የእማዬ ጉልበት መጠዝጠዝ ጀመረ። እኔም ከጥር ጀምሮ ቁም ሳጥን አናት ላይ የከረመውን ሂተር አወረድኩላት። ሽቦው የሚቀላው ዓይነት ነው። አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩና ስፒናውን ከራስጌዋ ጀርባ ያለው ዲቫይደር ላይ ሰካሁት። የስልኳ ቻርጀርና ትንሿ ሬዲዮዋም እዚያው ላይ ናቸው።

ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው የተቃጠለ ጸጉር የመሰለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እማዬ ደነገጠች። እኔ ግን ሳቅኩ። «አቧራ ነው እማዬ፣ አሁን ይጠፋል» አልኳት። እውነትም መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ትንሽ ስንቆይ ጠፋ።

እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። ሂተር ስድስት ወር ሲቀመጥ አቧራ ሽቦው ላይ ይተኛል። የቤት አቧራ ደግሞ አፈር ብቻ አይደለም፤ የጨርቅ ብናኝ፣ ጸጉር፣ ከቆዳችን የሚረግፍ ነገር ሁሉ አለበት። ሽቦው ሲቀላ ይሄ ሁሉ ይቃጠላል። ጸጉር ጸጉር የሚለውም ለዚህ ነው። ሲነድ ያልቃል፣ ካለቀ ደግሞ የሚሸት ነገር የለም። ስለዚህ የአቧራ ሽታ የመጀመሪያው ቀን ይብሳል፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጠፋል፣ በማግስቱ ብታበሩት እምብዛም አይሰማም።

ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ማታ ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ዜና ሳይ እማዬ ተጣራች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዛሬም ይሸታል።»

«አቧራ ነው አልኩሽ እኮ።»

«የመጀመሪያው ቀንስ አቧራ ነበር። ዛሬ ዓሣ ዓሣ ነው የሚለው።»

እውነቱን ልናገር፣ ወዲያው አልተነሳሁም። ዜናውን ጨርሼ ነው የሄድኩት። ስገባ ሂተሩ ዘንድ ምንም ሽታ የለም። ወደ ራስጌዋ ጠጋ ስል ግን አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የሚነድ ፕላስቲክም የበሰበሰ ዓሣም የሚመስል ነገር ተቀበለኝ። ሽታው የሚመጣው ከሂተሩ ሳይሆን ከአልጋው ጀርባ ነበር። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩና ትንሽ ጠብቄ ስፒናውን ነቀልኩት። አንደኛው እግሩ ጠቁሯል። ዲቫይደሩ ላይ የገባበት ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ መቅለጥ ጀምሯል። የእማዬ ጋቢ ጫፍ ከዚያ ቀዳዳ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ተነስቼ ሂሳቡን ሠራሁት። እናንተም አብራችሁኝ ሥሩት።

ሂተሩ 2000 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 9 አምፔር ገደማ ይመጣል። ዲቫይደሩ ያረጀ ስለነበር ውስጡ ያለው ስፒናውን የሚይዘው መዳብ ላልቷል። የላላ ግንኙነት ማለት ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ማለት ነው። ግማሽ ኦም ብቻ ነው እንበል። የሚፈጠረው ሙቀት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በተቃውሞው ሲባዛ ነው፤ 9 ሲባዛ በ9፣ ሲባዛ በግማሽ፣ 40 ዋት። ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን መበየጃ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱም 40 ዋት አካባቢ ነው። እኔ እንግዲህ የጋለ መበየጃ ፕላስቲክ ውስጥ ሰክቼ እናቴን አጠገቡ አስተኝቻት ነበር።

«ታዲያ ዲቫይደሩ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ምንም አልሆነም?» ትሉኝ ይሆናል። የስልክ ቻርጀር ከመስመሩ የሚስበው ከ0.1 አምፔር ብዙም አይርቅም። ሂተሩ የዚያን 90 እጥፍ ይስባል። ሙቀቱ ግን 90 እጥፍ አይደለም የሚጨምረው፣ 90 በ90 ነው፤ ስምንት ሺህ እጥፍ ገደማ። በቻርጀር ዓመታት ያገለገለ ዲቫይደር በሂተር በሦስት ማታ የሚቀልጠው ለዚህ ነው።

«ብሬከሩስ?» የኔው 16 አምፔር ነው፤ የሚወርደው ከዚያ በላይ ሲያልፍ ነው። እዚህ የሚያልፈው 9 ነው። ብሬከሩ ከረንት ይቆጥራል እንጂ የቀዳዳውን ሙቀት አያይም። እሳት ቢነሳ እንኳ ሽቦ ከሽቦ እስኪነካካ ድረስ ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ያላችሁ ጠባቂ አፍንጫችሁ ነው።

ነገሩ ደግሞ በራሱ እየባሰ ይሄዳል። መዳቡ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ ይጠቁራል፤ ሲጠቁር ተቃውሞው ይጨምራል፤ ተቃውሞው ሲጨምር የበለጠ ይግላል። የአቧራ ሽታ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል፤ የስፒና ሽታ ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ።

እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ዲቫይደሩን ጣልኩት። የሂተሩን ስፒናም አስቀየርኩት፤ የጠቆረ እግር ጤነኛ ሶኬት ውስጥ ቢገባ እሱንም ያበላሻልና። አሁን ሂተሩ የሚሰካው ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ ነው፣ ብቻውን። ከአልጋውና ከጋቢው አንድ ሜትር አርቄዋለሁ። ሲበራ ሩብ ሰዓት ቆይቼ የስፒናውን ፕላስቲክ በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን ይጠፋል፣ ሶኬቱ ሳይቀየር አይበራም። የቀለጠ ወይም የጠቆረ ነገር ካያችሁ ደግሞ አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ለከርሞ ደግሞ ሂተሩን ሳላበራው በፊት ተነቅሎና ቀዝቅዞ እያለ አቧራውን በብሩሽ አራግፍለታለሁ። ያኔ የመጀመሪያ ቀን ሽታው ራሱ ስለሚቀንስ ሌላ ሽታ ሲመጣ አልታለልም።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ልጆቼ፣ እናንተ ዘንድ ብርዱ ሲመጣ በጋዝ የሚሠራውን ማሞቂያ ስታበሩ የአቧራው ሽታ ያው ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ግን ጋዝ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ ሳትነኩ ውጡና ከውጭ ደውሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም፤ እዚያ ላይ አፍንጫ አይሠራም፣ መሣሪያው ግድግዳችሁ ላይ ይኑር።

እማዬ አሁን ደህና ናት። ትናንት ማታ ሂተሩን ሳበራላት «ዛሬስ ምን ይሸታል?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሽትታ «ምንም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ደግሞ ስጠራህ ዜናህን ጨርሰህ አትምጣ።»

ዛሬ ማታ የእናታችሁን ክፍል ስፒና ነካ አድርጉልኝ እስቲ።