«ምጣ» ያለችው ልጅ ምን አጠፋች?

«አማርኛ ሕግ የለውም፤ በልምድ ነው የሚያዘው» ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም። ሕግ አለው። ችግሩ ሕጉ የት ላይ እንደሚያቆም ለተማሪው አለመንገራችን ነው።

አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የእህቴ ልጅ በቅርቡ በግማሽ የተሞላ የግሥ ሰንጠረዥ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሰማ፣ በላ እና መጣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በትእዛዙ ረድፍ «ስማ» እና «ብላ» ተጽፈዋል፤ የመጣ ሳጥን ባዶ ነው። እሷ «ምጣ» ብላ ሞልታዋለች። መምህሯ በቀይ ሰረዙባት። «አጎቴ፣ ምኑ ነው ስህተቱ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እውነቷን ነው። ሰማ «ስማ» ከሆነ፣ በላም «ብላ» ከሆነ፣ መጣ «ምጣ» መሆን ነበረበት። እኛ ግን «ና» ነው የምንለው። ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ ደግሞ «ኑ»። እነዚህ ቃላት ከመጣ ጋር ምንም አይመሳሰሉም። የቀሩትን ሳጥኖች አይቶ ማንም ሊደርስባቸው አይችልም፤ ከሰው መስማት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ና»ን የያዘ ተማሪ የአሉታውን ሳጥን «አትና» ብሎ ይሞላዋል። ትክክሉ ግን «አትምጣ፣ አትምጪ፣ አትምጡ» ነው። ስለ ሌላ ሰው ስንናገርም «ይምጣ፣ ትምጣ» እንላለን፤ ለአያቷም በአክብሮት «ይምጡ» ነው የምትላቸው። ስለዚህ በዚህ ረድፍ ከሕግ የወጡት ሦስት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፤ ዙሪያቸው ያለው ሁሉ እንደ ሰማ እና እንደ በላ ይሄዳል።

«እንግዲያው አሉታው ሁልጊዜ ወደ ሕጉ ይመለሳል» ብላችሁ ግን እንዳትደመድሙ። ተናገረ ለማለት የምንጠቀምበትን «አለ» እዩት። ትእዛዙ «በል፣ በይ፣ በሉ» ነው። አሉታውም «አትበል» ነው፤ «በ» እዚያም አለች። የግሡ ጥንታዊ ሥር በግእዝ «ብህለ» ነው። «በ» ከ«አለ» እና ከ«ይላል» ወድቃ፣ በ«በል» እና በ«ብዬ» ላይ ቀርታለች። ስለዚህ የአንዱን ግሥ መፍትሔ ለሌላው መገልበጥ አይቻልም።

እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ከልጅ ጋር ስሞላ መጀመሪያ ሕጉን የሚከተሉትን ሳጥኖች እንጨርሳለን። ከዚያ ትእዛዙን ከነአሉታው ጥንድ አድርገን ጮክ ብለን እንላለን፦ ና፣ አትምጣ። በል፣ አትበል። ጥንዱ አብሮ ከተያዘ «አትና» የሚመጣበት በር ይዘጋል።

ሰንጠረዥ ለምታዘጋጁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «ና»ን ጽፋችሁ ስጡ፤ «አትምጣ»ን ባዶ ተዉት። ያኔ የምትፈትኑት ልጁ ያሰበውን ይሆናል። «ና»ን ባዶ ትታችሁ «ምጣ» ያለውን ልጅ በቀይ ከሰረዛችሁበት ግን የቀጣችሁት በትክክል በማሰቡ ነው።