ሲሊኮኑን ከመኮነናችሁ በፊት አስተጣጠባችሁን እዩ

ወደ ጸጉር ቤታችን የሚመጡ ብዙ ደንበኞች አሁን አሁን ኮንዲሽነር ከመቀባታቸው በፊት ጠርሙሱን ገልብጠው ጀርባውን ያነባሉ። የሚፈልጉት በ«ኮን» የሚያልቅ ስም ነው፤ ዳይሜቲኮን፣ አሞዳይሜቲኮን የመሳሰለውን። ካገኙት «ይቅርብኝ፣ ጸጉሬ ላይ ይከማቻል» ብለው ይመልሱታል። ጠርሙስ ማንበባቸው ደስ ይለኛል። ፍርዱ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ለዚህ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

መጀመሪያ ሲሊኮን ኮንዲሽነር ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። የጸጉራችን የላይኛው ሽፋን በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሠራ ነው፤ በላያቸውም በተፈጥሮ ስስ የስብ ሽፋን አለ። ሪላክሰር፣ ቀለም፣ ፔስትራ፣ ዕለት ተዕለት ማበጠርም ጭምር ይህን ስብ ይገፉታል። ስቡ የሄደበት ቦታ ሻካራ ይሆናል፤ ጸጉር ከጸጉር ይያያዛል፣ ማበጠሪያው ይቆማል፣ ጫፉ ይሰበራል። ሲሊኮን በዚያ ቦታ ላይ በጣም ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀመጥና ማበጠሪያው እንዲንሸራተት ያደርጋል። ጉዳቱን አያድነውም፤ አዲስ ጉዳት እንዳይጨመር ግን ይረዳል። ለእኛ ዓይነቱ ጥቅልልና ሲበጠር የሚሰበር ጸጉር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ክሱ ከየት መጣ? በሰፊው የተሰራጨው ሎሬይን ማሲ የተባለችው የጸጉር ባለሙያ በ2001 ባወጣችው ስለ ጥቅልል ጸጉር አያያዝ በሚናገረው መጽሐፏ አማካይነት ነው። የዘዴው ዋና ሐሳብ ሁለት ነገር ይከለክላል፤ ሰልፌት ያለበትን ሻምፖ እና ሲሊኮንን። ሁለቱ ክልከላዎች የተያያዙ ናቸው። ሻምፖ የሚያደርቀው ጸጉር ያላቸው ሴቶች ጠንካራውን ሻምፖ ትተው በኮንዲሽነር ብቻ ወይም በለስላሳ ማጠቢያ እንዲታጠቡ ተመከሩ። እንደ ዳይሜቲኮን ያለው ሲሊኮን ደግሞ በውኃ ስለማይሟሟ በደንብ የሚያጥብ ነገር ከሌለ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ይጨመርበታል። ስለዚህ ምክሩ በራሱ ውስጥ ትክክል ነበር፤ «ሻምፖ ካቆምሽ ሲሊኮንንም አቁሚ» ማለት ነው። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ወደቀና «ሲሊኮን መጥፎ ነው» የሚለው ብቻ ቀረ። ዛሬ በየሳምንቱ በሻምፖ የምትታጠብ ሴትም ሲሊኮንን ትፈራለች፤ ምክሩ ግን ለእሷ አልነበረም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ዘዴ የሚጀምሩ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ሰልፌት ባለው ሻምፖ አንድ የመጨረሻ እጥበት ይታጠባሉ፤ እስከዚያ የተከማቸውን ለማስወገድ። ከዚያ በኋላ ጸጉራቸው ቀለል ሲል «ሲሊኮን ስላቆምኩ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ያ እጥበት ያስወገደው ሲሊኮንን ብቻ አይደለም፤ ጄሉን፣ ዘይቱን፣ ቅባቱንም ይዞ ሄዷል። ደግሞስ ለወራት ተከማቸ የተባለው ሲሊኮን በአንድ ጥሩ እጥበት በአብዛኛው የሚለቅ ከሆነ፣ «አይለቅም» የሚለው ክስ በዘዴው በራሱ ፈርሷል ማለት ነው።

ሲሊኮን ስንል አንድ ነገር እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ። ዳይሜቲኮን ኤሌክትሪክ የለውም፤ ጸጉር ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሻምፖ ሲነካው አብዛኛው ይሄዳል። አሞዳይሜቲኮን ደግሞ አዎንታዊ ኤሌክትሪክ አለው። የተጎዳ ጸጉር አሉታዊ ኤሌክትሪክ ስለሚበዛበት አሞዳይሜቲኮን መርጦ የሚይዘው የተጎዳውን ቦታ ነው። ከዳይሜቲኮን ይልቅ ጠበቅ ብሎ ይይዛል፤ በአንድ እጥበት ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። በሌላ በኩል ግን ቦታው አንዴ ከተያዘ በኋላ ለሚመጣው የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ድርብርብ እየሆነ ማለቂያ በሌለው መንገድ አይወፍርም። ሦስተኛው ሳይክሎፔንታሲሎክሴን ነው፤ እሱ ተንኖ ይጠፋል፤ እንኳን ሊከማች ለቀኑ እንኳ አይቆይም። «ፔግ» የሚል ቃል ከፊቱ ያለው ዳይሜቲኮን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውኃ ጋር ስለሚስማማ በቀላሉ ይታጠባል።

«ጸጉሬን ያፍነዋል፣ እርጥበት አያስገባም» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። ከራስ ቆዳ የወጣው ጸጉር ሕይወት የለውም፤ አይተነፍስም። የሲሊኮኑ ሽፋንም የውኃ እንፋሎት የሚያልፍበት ነው። ታዲያ ሲሊኮን ያቆመች ሴት ጸጉር በሳምንቱ ለምን ደረቅና ሻካራ ይሆናል? በፊትም የነበረው ጉዳት አሁን መሸፈኛውን ስላጣ ነው። ሰዎች ይህን ሲያዩ «አየሽ፣ ሲሊኮኑ አበላሽቶብኝ ነበር» ይላሉ፤ ያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ሪላክሰሩ ወይም ፔስትራው ነው።

አሁን አንድ በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ደንበኛዬ ጫፉ የሪላክሰር፣ ሥሩ የተፈጥሮ የሆነ ጸጉር ይዛ መጣች። ለወራት ሻምፖ ትታ በኮንዲሽነር ብቻ ስትታጠብ ቆይታለች። ፔስትራ ስታደርግ ደግሞ ጫፉን በሴረም ታሻለች። ጸጉሯ ተኝቷል፣ ሲነኩት ያዳልጣል፣ ግን አያበራም። ገንዳው ላይ ውኃ ሳፈስበት ውኃው ሳይገባ እየተንከባለለ ወረደ። ሻምፖ ስቀባ የመጀመሪያው ዙር አረፋ አልሰጠም። እነዚህ ሁለቱ የእውነተኛ ክምችት ምልክቶች ናቸው፤ ውኃ ቶሎ አለመቀበልና የመጀመሪያው ሻምፖ አረፋ አለማውጣት። «ኮንዲሽነሩ ነው፣ አሞዳይሜቲኮን አለበት» አለችኝ።

«ቆይ እህቴ፣ ሳንፈርድ እንሞክረው» አልኳትና ጸጉሯን መሐል ለመሐል ከፈልኩት። ሁለቱንም ጎን ሶዲየም ላውረት ሰልፌት ባለው ሻምፖ ሁለት ዙር አጠብኩ፤ በሁለተኛው ዙር አረፋው ሞልቶ መጣ። ከዚያ በቀኝ በኩል ያንኑ የጠረጠረችውን ኮንዲሽነር፣ በግራ በኩል ሲሊኮን የሌለበት ቀባሁ። ለተወሰኑ ሳምንታት ቤቷ እንዲሁ እንድትቀጥል ነገርኳት፤ በየሳምንቱ ሻምፖ፣ ቀኝና ግራው የየራሱ ኮንዲሽነር፣ ሴረም ለጊዜው የለም። ስትመለስ የቀኙም የግራውም ጎን ቀላል ነበር፤ ሁለቱም ውኃ ወዲያው ተቀበሉ። ልዩነቱ ማበጠሪያው ላይ ታየ፤ ሲሊኮን ያለበት ቀኙ ጎን ቶሎ ተፈታ፣ መሬት ላይ የወደቀው የተሰበረ ጸጉርም ከግራው ያነሰ ነበር። በኋላ ሴረሙንም ጥቂት ጠብታ ብቻ ጫፉ ላይ መለስንላት፤ ሳምንታዊው ሻምፖ እስካለ ድረስ ክብደቱ አልተመለሰም። ጥፋቱ ኮንዲሽነሩ ሳይሆን የቀረው ሻምፖ ነበር።

ኮንዲሽነር ሁሉ፣ ሲሊኮን የሌለበትም ቢሆን፣ ጸጉር ላይ አንድ ነገር ትቶ ካልሄደ ሥራውን አልሠራም። «ሲሊኮን የለውም» ተብሎ የሚሸጠውም ዘይት፣ ሺያ በተር ወይም ፖሊኳተርኒየም የተባለ ነገር አለው፤ እነዚህም ካልታጠቡ ይደራረባሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ከሁሉ በላይ ቅቤ አለ። ለጋ ቅቤ ተቀብታ ሹሩባ የተሠራች ሴት ሹሩባውን ስትፈታ ጸጉሯ ላይ የሚገኘው ስብ፣ ታጥቦ ከወጣ ኮንዲሽነር ከሚቀረው ሲሊኮን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቅቤን አትቀቡ አላልኩም፤ ቅቤውን ያልወቀሰ ሰው ሲሊኮንን መውቀስ አይገባውም ነው የምለው።

ውኃም አለ። የሻይ ማፍያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ ውኃችሁ ካልሲየም ይበዛበታል፤ የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ፣ እስራኤል ያላችሁም እህቶች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ያ ማዕድን ጸጉር ላይም ይቀመጣል፣ በተለይ በደረቅ ሳሙና ለሚታጠብ ሰው። ይህ ሲሊኮን ከሚያመጣው ስሜት ይለያል፤ ሲሊኮን የበዛበት ጸጉር ያዳልጣል፣ ማዕድን የያዘው ግን ይሻክራል፣ ድርቅ ይላል፣ ኮንዲሽነርም አላስገባ ይላል። በሁለት ዙር ሻምፖ ያልተሻለው ሻካራ ጸጉር ላይ ኢዲቲኤ የተባለ ማዕድን የሚይዝ ነገር የተጨመረበትን ሻምፖ ሞክሩ።

ፍርሃቱ ልክ የሚሆንበት ቦታም አለ። ሻምፖ ጨርሶ የማትጠቀሙ ከሆነ በውኃ የማይሟሟ ሲሊኮን ለእናንተ አይሆንም። ጸጉራችሁ ቀጭንና ሳሳ ያለ ከሆነ ትንሹም ሽፋን ሊያከብደው ይችላል። ከሚታጠብ ኮንዲሽነር ይልቅ የማይታጠብ ሴረም ላይ መጠንቀቅም ተገቢ ነው፤ ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ሲሊኮን አብዛኛው ከውኃው ጋር ሲወርድ ሴረም ግን የተቀባው ሁሉ ጸጉር ላይ ይቀራል። የአካባቢ ጥያቄም እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ጀምሮ ታጥበው በሚወጡ መዋቢያዎች ውስጥ ዲ4 እና ዲ5 የተባሉትን ሲሊኮኖች ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆኑ ገድቧል። ዲ5 ከላይ የጠቀስኩት ሳይክሎፔንታሲሎክሴን ነው። የተገደቡት ግን ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ቶሎ ስለማይበሰብሱ ነው፤ ጸጉር ላይ ስለሚከማቹ አይደለም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ጸጉራችሁ ሲከብድባችሁ መጀመሪያ ኮንዲሽነሩን አትጣሉ። አንድ ቀን ሁለት ዙር በሻምፖ ታጠቡ፤ ሰልፌት የሚያደርቃችሁ ከሆነ ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ያለበት ለስላሳ ሻምፖም ጊዜ ሰጥታችሁ በደንብ ካሻችሁት ሲሊኮንን ይወስዳል። ሻምፖውን የራስ ቆዳ ላይ፣ ኮንዲሽነሩን ከመሐል እስከ ጫፍ ቀቡ። ከዚያ በኋላም ክብደቱ ካልሄደ ኮንዲሽነሩን ቀይሩ። የራስ ቆዳ የሚያሳክክና የሚቀረፍ ከሆነ ግን ጉዳዩ የክምችት ላይሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው። ሲሊኮን ይከማቻል፤ አዘውትሮ በሻምፖ የሚታጠብ ጸጉር ላይ ግን የሚያስፈራ ነገር አይደለም።