ዲግሪያችሁ ጀርመን ሲደርስ ምን ይባላል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። «ቲቸር፣ ጀርመን ባለ ዲግሪ እየወሰደ ነው አሉ፣ ልሞክር?» ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በሁለት ልጆች ምክንያት ነው። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፣ በነርስነት ተመርቃ እዚሁ ወሎ ውስጥ ትሠራለች። ሌላው እዚህ ሐይቅ ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ አካውንቲንግ ጨርሷል። የልጁ አባት በሬ ሊሸጡ ገበያ ወስደው ዋጋ አስጠርተው ነበር። አንድ ደላላ «ዲግሪህን አጸድቄ ሥራ አስይዝሃለሁ» ብሎት ቀብድ ጠይቆታል። በሬው ከመሸጡ በፊት ልጁ ወረቀቶቹን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

ወረቀቶቹ ላይ ማህተም ሞልቷል። የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ሁሉም አለ። እሱም «በቃ ጸድቋል እኮ» አለኝ። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማህተሙ የሚለው «ይህ ወረቀት ሐሰተኛ አይደለም» ብቻ ነው። ጀርመን ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «ይህ ዲግሪ እኛ አገር ካለው ከየትኛው ጋር ይስተካከላል?» እኛ አገር ውጭ የተማረ ሰው ሲመለስ አቻ ግምት የሚያሠራው ለምንድነው? ያው ነው፣ አሁን ተራው የእኛ ሆነ ማለት ነው።

ይሄን አቻ ግምት ለማየት ደላላ አያስፈልግም። ጀርመኖች አናቢን የሚሉት የመረጃ ቋት አላቸው፣ አድራሻው anabin.kmk.org ነው፣ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ ነው። ችግሩ ገጹ በጀርመንኛ መሆኑ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ቦታ ብቻ ነው የምትነኩት። መጀመሪያ Institutionen የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አገር ስትመርጡ Äthiopien በሉ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲያችሁን ፈልጉ። ከስሙ ጎን ምልክት ታያላችሁ። H+ ከሆነ ተቋሙን እንደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ይቀበሉታል። H- ከሆነ አይቀበሉትም። H+/- ከሆነ ደግሞ በጅምላ አይወሰንም፣ የእናንተ ዲግሪ ለብቻው መታየት አለበት።

ስሙን ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። «ወሎ» በላቲን ፊደል Wollo ተብሎም Wello ተብሎም ሊጻፍ ይችላል። ቆየት ያላችሁ ደግሞ ዲግሪያችሁ ላይ ያለው ስም ዛሬ የለም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ «ደቡብ»፣ ሐሮማያ «አለማያ» ይባሉ በነበረበት ጊዜ የተመረቀ ሰው በሁለቱም ስም ይፈልግ። በግል ኮሌጅ የተማራችሁም የኮሌጁን ስም ልክ ዲግሪው ላይ እንደተጻፈው አስገቡ።

ሁለተኛው ቦታ Hochschulabschlüsse የሚለው ነው። እዚያ የዲግሪው ዓይነት ይታያል፤ ባችለር ነው፣ ማስተርስ ነው፣ ስንት ዓመት ነው። ዓመቱን አትለፉት። እኛ አገር ባችለር በአንድ ወቅት ለብዙ ትምህርቶች ሦስት ዓመት ነበር፣ በኋላ ወደ አራት ተመለሰ፤ የእናንተን ዓመት ከሚመስለው ጋር ነው ማስተያየት ያለባችሁ። ከጎኑ entspricht ወይም gleichwertig የሚል ካለ ጥሩ ነው፤ ለቪዛ የሚታተመው ያ ገጽና የተቋሙ H+ ገጽ ነው። bedingt vergleichbar ካለ ግን «በከፊል ይመሳሰላል» ማለት ነው፣ እሱን ይዞ መሮጥ አይበቃም።

የአካውንቲንጉ ልጅ ተቋሙን አገኘው። ዲግሪውን ግን አላገኘውም። ፊቱ ጠቆረ። የሌለ ነገር ግን ውድቅ የተደረገ ነገር አይደለም፤ ገምግመው አላስገቡትም ማለት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ቦን ከተማ ላለው ማዕከላዊ የውጭ ትምህርት ቢሮ፣ ዛብ ለሚሉት፣ በኦንላይን ማመልከት ነው። የሚሰጡት ወረቀት Zeugnisbewertung ይባላል፣ ክፍያው ከ200 ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል። ገንዘቡ ለእኛ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከደላላው ቀብድ ጋር አስተያዩት፤ አንደኛው ወረቀት ያመጣል፣ ሌላኛው ስልክ ይዘጋል።

ልጁ ማመልከቻውን ሊሞላ ሲል ሌላ ነገር ተገኘ። ይዞት የሚዞረው ቴምፖራሪ ነው! ዋናውን ዲግሪ አላወጣም፣ የወጪ መጋራቱን ስላልጨረሰ። ይሄ የብዙዎቻችሁ ጣጣ እንደሆነ ይገባኛል። ውጭ ያሉ ቢሮዎች የሚጠይቁት የመጨረሻውን ዲግሪና ሙሉ ትራንስክሪፕት ነው። ስለዚህ የእሱ የመጀመሪያ ወጪ ዩሮ አልሆነም፣ እዚሁ አገር ያለውን ዕዳ መክፈል ሆነ። አባትየው በሬውን አልሸጡም፤ ልጁ ከደመወዙ እያጠራቀመ ነው።

የእህቴ ልጅ ነገር ይለያል። እሷ መጀመሪያ አናቢን ላይ H+ አይታ ደስ ብሏት ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ አለ! ዩኒቨርሲቲዬ አለ!» ደስታዋን ማቀዝቀዝ ነበረብኝ። አካውንታንት ሆኖ ድርጅት ውስጥ ለመቀጠር የጀርመን የሙያ ፈቃድ አያስፈልግም፤ አሠሪው ከፈለገው ዲግሪው ከታወቀና የቪዛው ሌላ ነገር ከተሟላ ይሄዳል። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ግን በሕግ የተጠበቀ ሙያ ነው። ለእነሱ የዲግሪው መታወቅ በር ላይ መድረስ ነው፣ መግባት አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው ልትሠሩበት ያሰባችሁት ክልል ባለሥልጣን ነው፣ ጀርመን ደግሞ 16 ክልል አላት።

ያ ባለሥልጣን የሚያየው የዲግሪውን ስም ሳይሆን ውስጡን ነው። የጀርመን የነርስነት ሥልጠና 4,600 ሰዓት ነው፤ 2,100 በክፍል፣ 2,500 በተግባር። ስለዚህ «አንቺ በየትኛው ክፍል ስንት ሰዓት ሠራሽ? በሕፃናት ክፍል? በአረጋውያን እንክብካቤ?» ይላል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ደግሞ ክሬዲትና ውጤት ነው እንጂ ሰዓት በዝርዝር አይደለም። የጎደለው ነገር በዝርዝር ተጽፎ ይመጣል፣ Defizitbescheid ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ «አትችይም» ማለት አይደለም። ወይ የማካካሻ ሥልጠና ትወስዳለህ፣ ወይ ፈተና ትፈተናለህ። የሥራ ልምድም የጎደለውን ሊሞላ ስለሚችል የየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ክፍሉንና ጊዜውን ለይቶ ቢጽፍ ጥሩ ነው። ለፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ጀርመንኛ እስከ B2 ይጠየቃል፣ እሱ ደግሞ በሁለት ወር የሚገኝ ነገር አይደለም።

እሷ አሁን እያደረገች ያለችው ይሄን ነው። ደሴ ወደ ተማረችበት ተመላልሳ ኮርስ በኮርስ የክፍልና የተግባር ሰዓቱን የሚያሳይ ዝርዝር፣ ማህተም ያለበት፣ እንዲሰጧት ጠይቃለች። ቀላል አልሆነላትም፤ «እንዲህ ያለ ነገር ሰጥተን አናውቅም» ያሏትም አሉ። አገር ውስጥ እያላችሁ፣ አስተማሪዎቻችሁም ገና እዚያው እያሉ ነው ይሄን መጠየቅ የሚሻለው።

ስለ ቻንሰንካርተ የጠየቃችሁኝ፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለው ሥራ ፈላጊ ቪዛ ነው። ቋንቋ ይጠይቃል፣ ነጥብ አለው፣ በየወሩ ከ1,000 ዩሮ በላይ የሚሆን የመኖሪያ ገንዘብ አሳዩም ይላል። እሱም ቢሆን ቢያንስ በተመረቃችሁበት አገር የታወቀ ዲግሪ ይጠይቃል። ነርስ ደግሞ በዚህ ካርድ ሄዳ ያለ ፈቃድ በነርስነት አትሠራም።

ሙያችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ anerkennung-in-deutschland.de ላይ የሙያውን ስም አስገቡ፤ እንግሊዝኛ ገጽ አለው፣ የትኛው ቢሮ እንደሚመለከታችሁም ይነግራችኋል። ውጭ አገር ላለ አመልካች በነፃ የሚያማክርም ክፍል አላቸው።

አናቢን ላይ ያገኛችሁት ካልገባችሁ የገጹን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የዲግሪያችሁንና የፓስፖርታችሁን ፎቶ ግን አትላኩልኝ፣ ለማንም አትላኩ። የነርስነት የኮርስ ሰዓት ዝርዝር ከዩኒቨርሲቲያችሁ ያወጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ከየትኛው ቢሮ እንደሰጧችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የእህቴ ልጅ ሰኞ ደሴ ትወርዳለች።