ቀዝቀዝ የሚያደርገው ቅባት ለምን መልሶ ያደርቃል?

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት አዲስ አበባ ውስጥ የከንፈር መሰንጠቅ የብዙ ሰው ችግር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በበጋ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የቀኑ ፀሐይ ደግሞ ይጠብሳል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚመርጡት ናና ናና የሚሸት፣ ሲቀቡት ቀዝቀዝ የሚያደርግ የከንፈር ቅባት ነው። ለጊዜው እፎይ ያሰኛል። ጥቂት ቆይቶ ግን ከንፈሩ ይደርቃል፤ እንደገና ይቀባል፤ ቀኑን ሙሉ ቅባቱ ከእጅ አይለይም።

ጥፋቱ የአየሩ ብቻ አይደለም። የከንፈር ቆዳ በጣም ስስ ነው፤ ሌላው የፊት ቆዳ በወዝ ራሱን ሲያለሰልስ ከንፈር ግን እንዲህ ያለ ወዝ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ቀዝቀዝ የሚያደርገው ሜንቶል ለዚህ የሚፈይደው ነገር የለም። ቅዝቃዜን የሚለዩትን ነርቮች ይቀሰቅሳል እንጂ እርጥበት አይጨምርም፤ የተሰነጠቀውን ከንፈር ደግሞ ያስቆጣዋል። የተቆጣ ከንፈር ያለው ሰው ሳያስበው ይልሰዋል። ምራቁ ሲተን ከንፈሩ ከቀድሞው ይብስ ይደርቃል።

የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሰው እንዲርቃቸው ከሚመክራቸው ነገሮች መካከል ሜንቶል፣ ካምፎር፣ ባሕር ዛፍ፣ ፊኖል፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሽቶ፣ እንዲሁም የቀረፋ፣ የናናና የሎሚ ዓይነት ማጣፈጫዎች ይገኛሉ። ከበግ ሱፍ የሚወጣው ላኖሊንም እዚያው ውስጥ አለ። ለብዙ ሰው የሚስማማ ቢሆንም በአንዳንዱ ላይ አለርጂ ያስነሳል። የሚመከሩት ደግሞ ሽታም ሆነ የተለየ ስሜት የሌላቸው ናቸው፦ ቫዝሊን፣ የሺአ ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት፣ ዳይሜቲኮን። ሥራቸው እንደ ምጣድ አክንባሎ ነው፤ ከላይ ከድነው ውስጡ ያለው እርጥበት እንዳይተን ይይዙታል። ስለዚህ ከንፈር ከታጠበ በኋላ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቢቀቡ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ግሊሰሪን ውሃ ስለሚስብ ጥሩ ነው፤ ደረቅ አየር ላይ ግን ከላዩ የሚከድነው ቅባት ያስፈልገዋል።

ሊፕስቲክ ሁሉ ያደርቃል ማለትም ትክክል አይደለም። የተለመደው በዱላ መልክ የሚሠራው ሊፕስቲክ በአብዛኛው ሰም፣ ዘይትና ቀለም ነው፤ ሰሙና ዘይቱ በተወሰነ ደረጃ ከንፈርን ይሸፍናሉ። አስቸጋሪው ፈሳሹ ማት ሊፕስቲክ ነው። አብዛኞቹ አይሶዶዴኬን የሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ አላቸው። እርሱ ሲተን በከንፈር ላይ የሚቀረው ደረቅ የቀለም ሽፋን ነው። ኩባያ ላይ የማይታተመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ግን በየስንጥቁ የሚሰበሰብ ቀለምና የሚወጥር ከንፈር ነው። ከንፈሩ የቆሰለ ሰው እስኪድን ቢተወው ይሻለዋል።

ቀለም ሳይቀር ከንፈርም እንዲለሰልስ ለሚፈልግ ቀለም ያለው ባልም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ሲገዛ ግን ከቀለሙ በፊት የጀርባው ጽሑፍ ይነበብ። ቅመሞቹ የሚጻፉት ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ነው። ሁለት ባልሞችን እናወዳድር እንበል። አንዱ ቫዝሊን፣ የጉሎ ዘይትና ሰም ብሎ ይጀምርና በብረት ኦክሳይድ ቀለም ይጨርሳል። ሌላኛውም በሰምና በዘይት ይጀምራል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሜንቶል፣ ሽቶና የቀረፋ ዘይት አሉበት። መጨረሻ ላይ መጻፋቸው መጠናቸው ጥቂት መሆኑን ይናገራል፤ የቆሰለ ከንፈርን ለማስቆጣት ግን ጥቂቱም ይበቃል። የሚገዛው የመጀመሪያው ነው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ባልም የሚይዘው ቀለም ስስ ስለሆነ የከንፈሩ የራሱ ቀለም ከሥር ይታያል። ጠቆር ባለ ከንፈር ላይ ነጣ ያለው ሮዝ አመድማ ሊመስል ይችላል፤ ወይን ጠጅ፣ ቡናማና ደማቅ ቀይ ግን ይወጣሉ። ለፀሐይ ደግሞ መከላከያው SPF 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባልም ተመራጭ ነው፤ ውጭ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይቀባል። መከላከያው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን ነጭ ጭጋግ ይተዋል፤ ቀለም ያለው ባልም ይህን ጭጋግ ይሸፍነዋል። በሱቅ ያለውን ብዙ ሰው የነካውን መሞከሪያ በቀጥታ ከንፈር ላይ ማድረግ አይገባም፤ የሄርፒስ ቁስል በዚህ መንገድ ሊተላለፍ ይችላል። የእጅ አንጓ ላይ መሞከር ይበቃል።

ቅባቱ አለመስማማቱ የሚታወቀው ሲያቃጥል፣ የከንፈሩ ዳር ሲቀላ ወይም ሲያሳክክ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ የቆየ ቁጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ ብዙዎች ይህን በሌላ ሊፕስቲክ ለመሸፈን ይሞክራሉ። መጀመሪያ የሚያስቆጣውን ነገር አቁሙ፤ ሽታና ቀለም የሌለው ቫዝሊን ብቻ ተጠቀሙ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ካልዳነ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ስትሄዱም የምትቀቡትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።