አክስቴና ሁለት ደቂቃዋ

እኔ በሚኒ ሚዲያ ዜና የማነበው የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ የማካፍላችሁ አክስቴ ሽልማት ስትቀበል ስላደረገችው ንግግር ነው።

አክስቴ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነርስ ናት። የምትሠራው ሕፃናት ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል ነው። ግንቦት 4 የዓለም የነርሶች ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቀኑ የተመረጠው ፍሎረንስ ናይቲንጌል የምትባለው እንግሊዛዊት ነርስ የተወለደችበት ስለሆነ ነው። በዚያ ቀን ትሸለሚያለሽ፣ የምስጋና ንግግርም ታደርጊያለሽ፣ ግን ከሁለት ደቂቃ እንዳያልፍ ተባለች። እሷም ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «አንቺ በየቀኑ ሰዓት እየተያዘልሽ ነው የምታነቢው፤ እስኪ ያዢልኝ» አለችኝ።

የክበባችን መምህር በ2014 ዓ.ም. ግንቦት 4 ቀን ዱባይ ላይ ስለተሸለመችው ኬንያዊት ነርስ ነግሮን ነበር። ስሟ አና ቃባሌ ዱባ ነው፤ ከእኛው ቦረና ጋር ከሚዋሰነው ከማርሳቢት ናት። በመንደሯ ትምህርት ቤት ከፍታ ጠዋት ልጆች፣ ከሰዓት ደግሞ ትልልቆች ይማሩበታል። ሽልማቷ 250,000 ዶላር ነበር። ለአክስቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። «የእኔ እኮ ሰርተፊኬትና ጋቢ ነው!» አለች።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ሁለት ገጽ ነበር። በስልክ ሰዓት ስይዝላት 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወሰደ። ሰዓቱ የት እንደሄደ ለማወቅ ከፋፍለን ያዝን። «ክቡር» እና «ክብርት» እያለች እንግዶችን በየማዕረጋቸው ስትጠራ ብቻ 35 ሰከንድ አለፈ። ቀጥሎ «የካርድ ክፍል፣ የመድኃኒት ክፍል፣ የፋይናንስ ክፍል» እያለች ክፍሎቹን በሙሉ ስትዘረዝር አንድ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ምስጋና ለማንም አይደርስም፤ ተጠሪው ሰው እንኳ ስሙ እስኪመጣ ያዛጋል። እኔ ረጋ ብዬ ሳነብ በደቂቃ 90 ቃል ያህል አነባለሁ። ለጭብጨባና ለትንፋሽ ትንሽ ከተውን የቀራት ከ150 ቃል አይበልጥም ማለት ነው።

«ቆይ፣ ለመሆኑ የሸለሙሽ በምን ምክንያት ነው?» አልኳት። እሷም የዚያን ቀን ሌሊት ነገረችኝ።

በአካባቢያችን ወባ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ አባት ከገጠር ልጁን አዝሎ ገባ። ልጁ ራሱን አያውቅም፤ በመንገድ ላይም አንዘፍዝፎታል። ጣቱን ወግታ ስትለካው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በጣም ወርዷል። ከባድ ወባ ሕፃናትን እንዲህ ያደርጋል፤ ቶሎ ካልተደረሰላቸው ስኳር ማነሱ ብቻውን ሊገድላቸው ይችላል። ስለዚህ ጉሉኮስ በደም ሥሩ መግባት ነበረበት። የታመመ ልጅ ደም ሥር ግን እንደ ክር ቀጭን ነው፤ እሷ እሱን ስትፈልግ መብራት ጠፋ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሮጠው ባትሪ አመጡና አበሩላት፤ ደም ሥሩም ተገኘ።

ከዚያ የወባው መርፌ አርቴሱኔት ተሰጠው። ይህ መርፌ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፦ እንደገባ፣ ከ12 ሰዓት በኋላና ከ24 ሰዓት በኋላ። መድኃኒቱ ወባውን በፍጥነት ይገድላል፣ ነገር ግን ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። ሰዓቱ ካለፈ የተረፈው ወባ እንደገና ይበረታል። ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ «ተሻለው፣ እንውሰደው» የሚሉ ወላጆችም አሉ። የዚህ ልጅ ሁለተኛው መርፌ የደረሰው በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሦስተኛው ማታ 4 ሰዓት ነበር። በሁለቱም ሰዓት አክስቴ ተረኛ አልነበረችም። እሷ ያደረገችው በርክክብ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን በትልቁ ጽፋ በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ነው።

«እንግዲያው ከሦስቱ መርፌ የአንቺ አንዱ ብቻ ነው!» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና ሁለቱን ገጽ ቀድዳ እንደ አዲስ ጀመረች።

አንድ ነገር ግን አከራከረን። እኔ የልጁና የቀበሌው ስም ቢጠራ ንግግሩ ያምራል ብዬ ነበር። እሷ እንቢ አለች። «ከተማችን ትንሽ ናት። ቀበሌውን ከጠራሁ ቅዳሜ ገበያ ላይ የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የታካሚ ነገር እኔ ጋ የተቀመጠ አደራ ነው» አለች። ስለዚህ «አንድ አባት» ብቻ ሆነ። እኔም እዚህ የምጽፈው እንደዚያው ነው።

በአዳራሹ ያነበበችው ይህን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሸለማችሁኝ አንድ በወባ የታመመ ልጅ በመዳኑ ነው። ልጁ ሦስት መርፌ ያስፈልገው ነበር። እኔ የወጋሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሌሎቹን የወጉት በርክክብ መዝገቡ የጻፍኩትን አንብበው፣ ሰዓቱን ሳያሳልፉ፣ ባልደረቦቼ ናቸው። እህቶቼ፣ አመሰግናችኋለሁ። የላቦራቶሪው ወንድሜ፣ እራትህን ትተህ መጥተህ ደሙን በማይክሮስኮፕ አየህልኝ። አመሰግንሃለሁ። መብራት ሲጠፋ ደም ሥሩን እስካገኝ ባትሪ ይዘው የቆሙልኝ የጽዳት ሠራተኛችን፣ እጅዎ አልተንቀጠቀጠም። አመሰግንዎታለሁ።

አሁን ደግሞ ታካሚዎቼን። የልጁ አባት ‹ይንጋ› ብሎ አላደረም፤ በሌሊት አዝሎት መጣ። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረው፣ ስንት ጊዜ እንዳንዘፈዘፈው ቆጥሮ ነገረኝ። ያ ቁጥር ለእኔ ትልቅ መሣሪያ ነበር። እናቱ ደግሞ ልጁ ተሽሎት እየሮጠም የሦስት ቀኑን ክኒን አላቋረጠችበትም። ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ነው። ጨርሻለሁ።»

ስልኬ ላይ 1 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ይላል። ከእሷ በፊት የተናገሩት ሰው ሰባት ደቂቃ ፈጅተው ስለነበር መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለ።

የጽዳት ሠራተኛዋ በዚያ ቀን ተረኛ ስለነበሩ አዳራሽ አልመጡም። አክስቴ ሲመሽ ወረቀቱን ይዛ ሄደችና እዚያው ኮሪደሩ ላይ አነበበችላቸው። እማማ መወልወያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ጥሩ ነው ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ባትሪዋ እኮ የኔ አይደለችም፤ ከጥበቃው ነው የተቀበልኩት። እሱን ለምን ዘለልሽው?» አሏት።

አክስቴ ወደ በሩ ሄደች። እኔም ተከተልኳት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰዓት አልያዝኩም።