ለጠዋቱ 3 ሰዓት 🕒 አይሆንም

ደብረ ማርቆስ ላይ ነገ መብራት ሊቋረጥ ነው እንበል። የሰፈሩ የቴሌግራም ቻናል የማስታወቂያውን ፎቶ ይለጥፍና ከሥሩ እንዲህ ይጽፋል፦

«በከተማችን በሚካሄደው የመስመር ጥገና ምክንያት በነገው ዕለት ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በቀበሌ 02 እና በቀበሌ 03 የኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚቋረጥ መሆኑን እናሳውቃለን 🙏🙏🙏💡💡🕒»

ሰዋስው ላይ ስህተት የለበትም። ችግሩ የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ሬዲዮ ላይ አድማጭ ይጠብቃል፤ ስልክ ላይ ግን መልእክቱ ሲገባ ብቅ የሚለው የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ነው። ፌስቡክም ረጅሙን ጽሑፍ አጥፎ ቀሪውን ይደብቃል። ስለዚህ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው የሚያየው «በከተማችን በሚካሄደው የመስመር ጥገና ምክንያት» የሚለውን ነው። ምን እንደሚሆን አላወቀም።

መፍትሔው ግሡን ወደ መጀመሪያው መስመር ማምጣት ነው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ አዲስ መስመር።

መብራት ነገ ሐሙስ ይቋረጣል።
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 10
📍 ቦታ፦ ቀበሌ 02 እና 03

አዲስ መስመር የሚጀመረው ሐሳቡ ሲያልቅ እንጂ የጸሐፊው ስክሪን ሲያልቅ አይደለም። በራሱ ስልክ ልክ እያየ መስመር የሚሰብር ሰው፣ ፊደሉን አተልቆ በሚያነብ አዛውንት ስልክ ላይ ጽሑፉ ተቆራርጦ አንድ አንድ ቃል ብቻውን ተንጠልጥሎ ይታያል። የጥንት ብራና ጸሐፊዎች ጠባብ ዓምድ ላይ ሲጽፉ ቃሉን የትም ይሰብሩት ነበር፤ የቃሉን መጨረሻ ሁለት ነጥብ (፡) ስለሚናገር አይቸገሩም። ክፍል ሲዘጉ ፨ ያደርጋሉ፣ አዲስ ነገር ሲጀምሩ ወይም ቅዱስ ስም ሲመጣ ቀይ ቀለም ያነሳሉ። ኢሞጂ በደንብ ሲሠራ የዚያ ቀይ ቀለም ወንድም ነው፤ ዓይንን «እዚህ ጀምር» ይላል። ገጹ ሁሉ ቀይ ከሆነ ግን ቀይ የለም።

📍 «ቦታ» ከሚለው ቃል ፊት መጣ እንጂ ቃሉን አልተካም። አሮጌ ስልክ ላይ ኢሞጂው ባዶ ሳጥን ሆኖ ቢመጣ እንኳ መልእክቱ አልጎደለም።

በሰዓት ላይ ግን ኢሞጂ ጭራሽ መግባት የለበትም። 🕒 የሚያሳየው ሦስት ላይ የቆመ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን የብዙ ሰው ስልክ 9:00 ይላል። ሰዓቱን እንደ ስልኩ የሚያነብ ሰው፣ በተለይ ከውጭ አገር ለእናቱ የሚደውል ልጅ፣ 🕒ን ሲያይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስድስት ሰዓት ስህተት! በ🕘 ቢተካ ደግሞ የእጅ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር የሞላው ሰው ይሳሳታል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ሥዕል የለም። «ከጠዋቱ» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል። 📅ም እንዲሁ ነው፤ አይፎን ላይ የፈረንጆቹን ጁላይ 17 ይዞ ይመጣል፣ ለጥቅምት ማስታወቂያ ምን ይሠራል?

በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ዳታ ለሌለው ዘመድ የቀረው ስልክ መደወልና አጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። በአማርኛ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደል ብቻ ቢጻፍ 160 ይይዝ ነበር። ክፍት ቦታና አዲስ መስመር እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራሉ፣ አብዛኛው ኢሞጂ እንደ ሁለት። ከላይ ያለው ባለ ሦስት መስመር ማስታወቂያ 📍ን ጨምሮ 60 ነው፤ በአንድ መልእክት ያልፋል። ስድስት 🙏 ሲጨመርበት 72 ይሆንና ለሁለት ተሰብሮ የሁለት መልእክት ሂሳብ ያስከፍላል። ስድስት ጊዜ እጅ ከመንሳት አንድ ጊዜ «ይቅርታ» ማለት ይቀላል፣ ቦታም ተርፎ።

ከሁሉም የሚከፋው የሐዘን ዜና ነው። 😭 እና 😂 በትንሽ ስክሪን ላይ፣ በተለይ ዓይኑ ለደከመ ሰው፣ አይለዩም። ሁለቱም ቢጫ ፊት፣ ሁለቱም እንባ። በመርዶ ሥር 😂 የተቀመጠለት ቤተሰብ የጣት ስህተት ነው ብሎ አይጽናናም። ስለ ተቃጠለ መንደር በሚጽፍ ዜና ላይ 🔥🔥🔥 የሚደረድር ቻናልም አለ፤ ይኸው ምልክት ለአዲስ ዘፈን «ምርጥ ነው» ማለት ነው። ስልኩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ዓይነ ስውር አንባቢ ደግሞ የመንደሩን ስም ከመስማቱ በፊት የእሳቱን ምልክት ስም ሊሰማ ነው።

በእንዲህ ያለ ዜና ላይ አዲስ መስመር ብቻ ይበቃል፦ የሟች ስም በአንድ መስመር፣ የቀብሩ ቀንና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በሌላው፣ ልቅሶው የት እንደሆነ በመጨረሻው።