ስልክ ላይ ሰማያዊ፣ ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ

ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ የግል ማሰልጠኛ ተቋም ያሳተመውን ሦስት መቶ ሰርተፊኬት አልቀበልም አለ። የተሳሳተ ስም የለም፤ የተቀደደ ወረቀትም የለም። ጥፋቱ ከላይ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ የሰንደቅ ዓላማ ምስል ላይ ነው። አረንጓዴው ጠቆር ብሏል፤ መሃል ያለው ሰማያዊ ክብ ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኗል። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ምረቃው ቅዳሜ።

ዲዛይኑን የሠራው ገርጂ በተከራየው ክፍል ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራ ወጣት ነው። ሥራውን በቴሌግራም ልኮ፣ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ይታተም» የሚል መልስ ተቀብሏል። ዳይሬክተሯ ያንኑ መልእክት ከፍተው ስልካቸውን ከሰርተፊኬቱ ጎን አስቀመጡት። «ልጄ፣ እኔ እሺ ያልኩት ይሄንን ነው። ይሄኛው ሌላ ነው» አሉት። እውነታቸውን ነው።

ወጣቱ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለው ማተሚያ ቤት ሄደ። ኦፕሬተሩ ፋይሉን ከፍቶ አሳየው። «ወንድሜ፣ የላክልኝን ነው ያተምኩት። ምንም አልነካሁም» አለው። እሱም እውነቱን ነው።

ወጣቱም አልዋሸም፤ በላፕቶፑ ላይ ያየው ሰማያዊ ነበር። ሦስቱም ልክ ሆነው ሳለ ቀሪው ክፍያ ተያዘ፣ የማተሚያው ሒሳብ ደግሞ ከወጣቱ ኪስ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ባሉ ማተሚያ ቤቶች አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው «ማተሚያ ቤቱ ቀለም ሰረቀ» ወይም «ደንበኛው አይገባውም» በሚል ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ነገሩ የሚጀምረው ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ከማወቅ ነው። የስልክ ስክሪን ራሱ ብርሃን ያወጣል። በእያንዳንዷ ነጥብ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ጥቃቅን መብራቶች አሉ፤ አርጂቢ የሚባለው የእነዚህ የሦስቱ ስም ነው። እያንዳንዱ መብራት ከ0 እስከ 255 ድረስ ይደምቃል። ሦስቱም ሲጠፉ ጥቁር፣ ሦስቱም እስከ መጨረሻው ሲበሩ ነጭ ይሆናል። በስክሪን ላይ ቀለም በተጨመረ ቁጥር ብርሃን ይጨመራል።

ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ከመስኮት ወይም ከአምፑል የመጣው ነጭ ብርሃን ወረቀቱ ላይ አርፎ ወደ ዓይን ይመለሳል። ቀለሙ ሥራው ከዚያ ብርሃን ላይ መቀነስ ነው። ሳያን የተባለው ውኃ ሰማያዊ ቀለም ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ማጀንታ አረንጓዴውን፣ ቢጫ ደግሞ ሰማያዊውን። ሲኤምዋይኬ የሚባለው እነዚህ ሦስቱና አራተኛው ጥቁር ናቸው። ጥቁሩ ያስፈለገው ሦስቱ ተደራርበው እውነተኛ ጥቁር ሳይሆን ጭቃ የመሰለ ቡኒ ስለሚሰጡ ነው። በወረቀት ላይ ቀለም በተደረበ ቁጥር ብርሃን ይጎድላል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያለ በጣም ደማቅ ቀለም ሁሉ ወረቀት ላይ አቻ ላይኖረው ይችላል። ኦፕሬተሩ ቢሰንፍም ቢተጋም ያ ቀለም በአራቱ ቀለሞች ክልል ውስጥ የለም።

ይህንን ለመፈተን ከኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ቢጫው ብዙ አይጎዳም፤ ምክንያቱም ቢጫ ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች አንዱ ራሱ ነው፣ ሳይደባለቅ ይታተማል። ቀዩ ከማጀንታና ከቢጫ ይሠራል፤ ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ ቀይ መሆኑን አይለቅም። አረንጓዴው ከሳያንና ከቢጫ ይመጣል፤ ስክሪን ላይ እንደ መብራት የሚያበራው ዓይነት አረንጓዴ ወረቀት ላይ ስለማይገኝ ጠቆር ይላል። ከሁሉም የሚከፋው የመሃሉ ሰማያዊ ነው።

ሰማያዊ ከሳያንና ከማጀንታ መደራረብ የሚገኝ ነው። ችግሩ የማተሚያ ቀለሞች ንጹሕ አለመሆናቸው ነው። ማጀንታ አረንጓዴውን ብርሃን ብቻ መዋጥ ሲገባው፣ ማለፍ ካለበት ሰማያዊ ብርሃንም የተወሰነውን አብሮ ይውጣል። ስለዚህ ድብልቁ ይጨልማል። የማጀንታው መጠን ወደ ሳያኑ መጠን ሲጠጋ ደግሞ ሰማያዊነቱ ወደ ወይን ጠጅ ይሳባል።

የገርጂው ወጣት ክቡን የቀባው ስክሪኑ ሊሰጥ በሚችለው ንጹሕ ሰማያዊ ነበር። ፋይሉንም በአርጂቢ እንዳለ ላከው። ፎቶሾፕ ላይ በብዛት በሚገኘው U.S. Web Coated (SWOP) v2 በተባለው ቅንብር ያ ሰማያዊ ሲቀየር ውጤቱ ይህ ነው፦

```
RGB    0, 0, 255
CMYK   88, 77, 0, 0
```

ሳያን 88 በመቶ፣ ማጀንታ 77 በመቶ። ልዩነታቸው 11 ብቻ ነው፤ ወይን ጠጁ የመጣው ከዚህ ነው። ኦፕሬተሩ «ምንም አልነካሁም» ያለውም ለዚህ ነው። የነካው ማሽኑ ነው። አርጂቢ ፋይል ሲደርሰው ማተም የሚችለው በአራቱ ቀለሞች ብቻ ስለሆነ፣ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ስሌት ቀየረው። መቀየሩ የማይቀር ነበር። ጥያቄው ዲዛይነሩ እያየ ይቀየር ወይስ ማንም ሳያየው ማሽን ውስጥ ይቀየር የሚለው ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። የዳይሬክተሯ ስልክ ብርሃኑ እስከ ጫፍ ተከፍቷል፤ ብዙ ስልኮች ደግሞ ቀለም አድምቀው እንዲያሳዩ ተደርገው ነው የሚመጡት። ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። ለሰርተፊኬት ግርማ እንዲሰጥ ተብሎ የተመረጠው ክሬም መልክ ያለው ሻካራ ወረቀት ነበር። ማተሚያው ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ወረቀቱ ወደ ቢጫ ካደላ ከሰማያዊው ብርሃን ገና ከመጀመሪያው ቀንሷል ማለት ነው። ሻካራና ሽፋን የሌለው ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ስለሚመጥም ድምቀቱ ይወርዳል። አንድ ጋዜጣ በፒዲኤፍ ስልክ ላይ ሲነበብ ፎቶው ሕያው ሆኖ፣ ያው ገጽ ታትሞ አደባባይ ላይ ሲሸጥ የደበዘዘ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐሙስ ማታ ወጣቱ ሥራውን እንደገና ከፈተ። በፎቶሾፕ View ከሚለው ሥር Proof Setup ገብቶ Working CMYK የሚለውን መረጠ፣ ከዚያ Proof Colors አለ። ስክሪኑ ወረቀቱን አስመስሎ ማሳየት ሲጀምር ወይን ጠጁ ክብ እዚያው ፊቱ መጣ። ከማሳተሙ በፊት ይህንን ቢያደርግ ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። Gamut Warning የሚለውን ሲጫን ደግሞ ሊታተሙ የማይችሉት ቦታዎች ግራጫ ሆነው ተለዩለት።

ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይሮ ሰማያዊውን በቁጥር አስተካከለው፤ ሳያን 100፣ ማጀንታ 65። ብዙ ዲዛይነሮች የሚከተሉት ልማድ ማጀንታውን ከሳያኑ ቢያንስ በ30 ዝቅ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀለሙ ስክሪኑን ባያክልም ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያውን የአርጂቢ ፋይል ግን ለብቻው አስቀመጠ፤ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር የጠፋ ድምቀት ተመልሶ ወደ አርጂቢ በመቀየር አይገኝምና።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ገጽ ብቻ አሳተመ፣ አንዱን በክሬሙ ወረቀት፣ ሌላውን በነጭና ለስላሳ አርት ፔፐር። ሁለቱንም ሲኤምሲ ወስዶ ዳይሬክተሯን መስኮት አጠገብ እንዲያዩት ጠየቃቸው፤ በአምፑል ሥር የታየ ቀለም በቀን ብርሃን ሌላ ሊመስል ይችላልና። ነጩን መረጡ። «ስልኩን አይመስልም» አሉ፤ «ግን ሰማያዊ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ነው።» ከጀርባው ፈረሙበት። ሰርተፊኬቱ ለቅዳሜ ደረሰ፤ የሁለተኛውን ኅትመት ሒሳብ ግን ወጣቱ ብቻውን ከፈለ።

ይህ ፍትሐዊ ነው? ከፊሉ አዎ። ለኅትመት የሚሠራ ዲዛይነር ሥራውን በምን እንደሚያሳትም አውቆ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ መመልከት አለበት፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለዚህም እውቀት ጭምር ነው። ማተሚያ ቤቱ ግን ነፃ አይደለም። አርጂቢ ፋይል እጁ ሲገባ ማሽኑ እንደሚቀይረው ያውቃል፤ «ወንድሜ፣ ይሄ ሰማያዊ ይቀየራል» ለማለት ስልክ መደወል በቂ ነበር። «የላክልኝን ነው ያተምኩት» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም፣ የሚያውቅ ሰው ዝም ማለቱን አይሸፍንም።

ደንበኛውም ቢሆን ስልክ ላይ አይቶ «ይታተም» ሲል፣ እሺ እያለ ያለው ወረቀት ሊሰጠው ለማይችለው ነገር ነው። ስለዚህ ማጽደቂያው ስልክ መሆን የለበትም። በሚታተምበት ወረቀትና በሚታተምበት ማሽን የወጣ አንድ ገጽ፣ በቀን ብርሃን ታይቶ፣ ፊርማና ቀን ተጽፎበት፣ ለክርክር ቢመጣ እንዲወጣ የሚቀመጥ መሆን አለበት። ፕሮፎርማው ላይም «ደንበኛው የሚያጸድቀው የታተመ ናሙና ነው» የሚል አንድ መስመር ቢገባ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

«ጊዜ የለም» የሚለው መልስ የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራው ሁሉ ለነገ ነው። ነገር ግን በዲጂታል ማሽን ሦስት መቶ ለሚታተም ሥራ ናሙናው ከሦስት መቶ አንዱ ገጽ ነው። በኦፍሴት ሺዎች ሲታተሙ ነገሩ ይከብዳል፤ ለአራቱ ቀለሞች አራት ፕሌት ከወጣ በኋላ ማረም እንደገና ፕሌት መክፈል ነው። ናሙናው ይበልጥ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። አንድ ድርጅት የግድ አንድ የተወሰነ ደማቅ ቀለም ካስፈለገው ደግሞ ከአራቱ ውጪ ተቀምሞ የሚመጣ አምስተኛ ቀለም አለ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ያም ከመታተሙ በፊት መነገር ያለበት ነው።

የገርጂው ወጣት አሁን ሥራ ሲልክ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፦ «ይህ ምስል ቅርጽና ጽሑፍ ለማረም ብቻ ነው፤ ቀለሙን በወረቀት አሳይዎታለሁ።»